ሻሎም፦ «ሰላም» እና «ደኅና» በአንድ ቃል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ጠዋት ጠዋት «ሻሎም» ይሉኛል። «ሰላም ማለት ነው አይደል?» ስላቸው «አይ፣ ከሰላም ይሰፋል» አሉኝ። እውነት ነው? ከሆነ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን «ሰላም» ብቻ ይላል? አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ቤቴ ውስጥ ብዙ ችግር አለ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ደኅና ነኝ» ብዬ አልፋለሁ። ይሄ ውሸት ሆኖ ይቆጠርብኛል?
ወለተ ሚካኤል፣ ከአዳማ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ሰንብቻለሁ።

ልጆቹ እውነታቸውን ነው። ግን የሚሰፋው በየት በኩል እንደሆነ የነገሩሽ አልመሰለኝም። መጽሐፍ ቅዱሳችንም «ሰላም» ብቻ አይልም። ሻሎምን ለሁለት ከፍሎ አንዳንድ ቦታ «ሰላም»፣ ሌላ ቦታ «ደኅና» ብሎ ነው ያስቀመጠው። አንቺም ሳታውቂው ስታነቢው ኖረሻል።

ዘፍጥረት 29ን ክፈቺ። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ አጎቱ አገር ደርሷል። ጉድጓድ አጠገብ እረኞች አገኘና ላባን ያውቁት እንደሆነ ጠየቃቸው። እናውቀዋለን አሉት። ቀጠለና «ደኅና ነውን?» አላቸው። በዕብራይስጡ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቃል ሻሎም ነው። «ሃሻሎም ሎ?» ነው የሚለው፤ «ሻሎም ነው ለእርሱ?» እንደማለት። ያዕቆብ አጎቱ ከጠላቶቹ ጋር ታርቆ እንደሆነ አይደለም የጠየቀው። በሕይወት አለ ወይ? ጤናውስ? ቤቱስ? ነው ነገሩ። የአማርኛ ተርጓሚዎቹ «ሰላም ነውን?» ቢሉም ባልከፋ፤ «ደኅና» ማለታቸው ግን ልክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንትም እዚሁ ቦታ ላይ የግሪኩን «ሰላም» ትተው «ጤናማ ነው ወይ?» ብለው ጽፈዋል።

ስምንት ምዕራፍ እለፊ። ያው ያዕቆብ አርጅቶ ዮሴፍን ወደ ወንድሞቹ ይልከዋል። የወንድሞችህን ሻሎምና የመንጋውን ሻሎም አይተህ ንገረኝ ይለዋል። በግ ከማን ጋር ይጣላል? አይጣላም። በግ ግን ይጠፋል፣ ይታመማል፣ አውሬ ይበላዋል። የመንጋ ሻሎም ማለት ቁጥሩ አልጎደለም ወይ፣ የታመመ የለም ወይ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 2ኛ ሳሙኤል 11 ነው። ዳዊት ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። የኢዮአብን ሻሎም፣ የሕዝቡን ሻሎም፣ የጦርነቱንም ሻሎም። የጦርነት ሻሎም! ቃሉ «ጦርነት አለመኖር» ብቻ ቢሆን ይህ አነጋገር ቀልድ ይሆን ነበር። ንጉሡ ማለት የፈለገው «ውጊያው እንዴት እየሄደ ነው? መስመሩን ይዟል?» ነው። በነገራችን ላይ ዳዊት ይህን ሲጠይቅ የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ እርሷም ማርገዟን ልካ አሳውቃው ነበር። አፉ ሦስት ጊዜ ሻሎም ሲል ቤት ያፈረሰው ራሱ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ታዲያ አንድ ቃል ጤናንም፣ የበግ ቁጥርንም፣ የውጊያ ሁኔታንም፣ እርቅንም እንዴት ቻለው? ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፤ ሺን፣ ላሜድ፣ ሜም። የፊደሎቹን ስም መዝሙር 118 ላይ ሳታይው አትቀሪም። ከዚሁ ሥር «ሻሌም» የሚል ቃል ይወጣል። ሙሉ፣ ያልጎደለ ማለት ነው። ዘዳግም 25 ላይ ነጋዴ ከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይዝ ይከለከላል። ትልቁ ድንጋይ ሲገዛ፣ ትንሹ ሲሸጥ ይወጣ ነበር። ሕጉ አንድ ድንጋይ ብቻ ይኑርህ ይላል፤ «ሻሌም» የሆነ ድንጋይ። ዛሬ በገበያ ቋንቋ «ኪሎው የማይጎድል» እንለዋለን። ሻሎም ስሜት ከመሆኑ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነው። የጎደለ የለም ወይ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በስልክ የሚዞር ትምህርት አለ። የሻሎም አራቱ ፊደላት ጥንት ሥዕል ነበሩ፤ ጥርስ፣ በትር፣ ሚስማርና ውኃ ናቸው፤ ሲገጣጠሙ «ሁከት የሚያመጣውን ሥልጣን አፍርስ» ይላሉ ይባላል። ያምራል፣ ስብከት ላይ ያስጨበጭባል። እውነት ግን አይደለም። ዕብራይስጥ ቃሉን ከሥርና ከአረባብ ነው የሚሠራው፤ እንደ ግእዝና እንደ አማርኛ። የፊደል ሥዕል እየገጣጠመ አይደለም። ደግሞም በጥንቱ ጽሕፈት ቃሉ የሚጻፈው በሦስት ፊደል ነበር።

ይህን በዓይን የሚታይ ነገር ላሳይሽ። 1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኙ። ለኪሶ ኤርምያስ 34 ላይ የባቢሎን ንጉሥ ሲወጋቸው ከይሁዳ ምሽጎች የቀሩት ሁለቱ ናቸው ከሚላቸው አንዷ ናት። ስብርባሪዎቹ ኢየሩሳሌም ልትወድቅ ጥቂት ሲቀራት የተጻፉ የወታደር ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ «ለጌታዬ ለያኦሽ» ብሎ ይጀምርና «እግዚአብሔር ለጌታዬ ዛሬውኑ፣ ዛሬውኑ የሻሎም ወሬ ያሰማው» ይላል። ሻሎም እዚያ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሚስማር ነው የሚባለው ዋው የለበትም። ያ ወታደር የሚመኘውም የቃላት ምሥጢር አይደለም። ሰው አልሞተም፣ ምሽጉ አልተሰበረም የሚል ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚሁ ሥር «ሺሌም» የሚል ግሥ አለ። ከፈለ፣ ተካ፣ ካሰ ማለት ነው። እስራኤል ሄደሽ ሱቅ ብትገቢ ገንዘብ መክፈል የሚባለው ዛሬም «ለሻሌም» ነው። ዘጸአት 21 ላይ ያለውን የጉድጓድ ሕግ ተመልከቺ። አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቀረ። የጎረቤቱ በሬ ገብቶ ሞተ። ተንኮል የለም፣ ጠብም የለም፣ ቸልተኝነት ብቻ ነው። ሕጉ ምን ይላል? የጉድጓዱ ባለቤት ለበሬው ባለቤት ገንዘቡን ይክፈል፤ የሞተው በሬ ለእርሱ ይሁን። «ይክፈል» የሚለው በዕብራይስጡ «የሻሌም» ነው። እንደገና ሙሉ ያድርገው እንደማለት። ሕጉ ሁለቱ ሰዎች እጅ ይጨባበጡ አላለም። እንዳይኳረፉም አላዘዘም። የአንዱ ማረሻ ባዶ ሆኗል። ያ ማረሻ በሬ ሲያገኝ ነገሩ ይዘጋል።

በእርግጥ «ሻሎም» በተባለ ቁጥር ካሳ ማለት ነው ብለሽ እንዳትተረጉሚው። ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሱቅ ላይ ሲከፍል ስለ ሰላም አያስብም። እኛስ ቤተ ክርስቲያን «ስንሳለም» ስለ ተኩስ ማቆም እናስባለን? መሳለም ከዚያው ከሰላም ሥር የወጣ ነው፤ እኛ ጋ ግን ወደ በሩና ወደ መስቀሉ ሄደ። የሥር ዝምድና ይህን ያህል ነው። ነገር ግን የጉድጓዱን ሕግ ያወቀ ሰው ነቢያት ሻሎም ሲሉ ስለምን እንደሚናገሩ ቶሎ ይገባዋል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አጥፍቼ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጽዋ ማኅበራችን ሁለት እኅቶች ተጣሉ። አንዷ የሌላዋን የልብስ ስፌት መኪና ተውሳ ሞተሩን አቃጥላ መለሰችው። «ድሮም ሊሞት የደረሰ ነበር» አለች። ያቺ «የእኔን ሞተር ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ» አለች። ነገሩ ከረረ። እኔ ተጠራሁ። አንድ ማታ አስቀምጬ ስለ ይቅርታ አስተማርኳቸው፣ አለቀሱ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ተቃቀፉ። ጸበል ጸዲቅ ተበላ። በእውነት ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

በወሩ ባለ መኪናዋ ከማኅበሩ ቀረች። በሁለተኛውም ቀረች። «ዛሬም ቂሟን አልተወችም ማለት ነው» ብዬ ለአንድ አረጋዊ አባት አማረርኩ። እርሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «መኪናው ተሠራ?» አሉኝ። አልጠየቅኩም ነበር። እያየሁት አልፌዋለሁ። ሴትዮዋ የምትበላው በዚያ መኪና ሰፍታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ትእዛዝ እየመለሰች፣ የቤት ኪራይ እየተበደረች ነበር። ማኅበር የቀረችው ለጽዋው የምታዋጣው ስላልነበራት ነው። እኔ «ሰላም አውርጄ» ሄጃለሁ፤ ሻሎም ግን አልነበረም። በኋላ ሞተሩ ተገዛ። ግማሹን ያበላሸችው ከፈለች፣ ግማሹን ማኅበሩ አዋጣ። በማግሥቱ ወር ባለ መኪናዋ ጠላ ይዛ መጣች። ማንም ስለ ይቅርታ አላስተማራትም።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርስ እጅ ከማስነሣቱ በፊት ስለ ፍጹም ሰላምና ስለ ፍቅር ጸልዩ ይለናል። «ፍጹም» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላልፋትም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ደኅና ሳይሆኑ «ደኅና ነኝ» ማለት ውሸት ነው ወይ?

2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችውን የሱነም ሴት አስቢ። ልጇ በመከር ወራት አባቱ ዘንድ እርሻ ወጣ። «ራሴን፣ ራሴን» አለ። ተሸክመው አመጡላት። እስከ ቀትር ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ሞተ። ወስዳ በነቢዩ በኤልሳዕ አልጋ ላይ አስተኛችው፣ በሩን ዘጋች፣ ወጣች። ከባሏ አህያና አገልጋይ ጠየቀች። ባሏ ምን እንደሆነ አልገባውም። መባቻ አይደለም፣ ሰንበት አይደለም፣ ዛሬ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ አላት። አንድ ቃል ብቻ መለሰች። «ሻሎም» አለች።

ጫነችና ገሰገሰች። ኤልሳዕ ከቀርሜሎስ ተራራ ሆኖ ከሩቅ አያት። አገልጋዩን ግያዝን ሮጠህ ተቀበላት አለው። የሚጠይቃትንም ነገረው። ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሻሎም ነው ለአንቺ? ሻሎም ነው ለባልሽ? ሻሎም ነው ለሕፃኑ? ሕፃኑ በድኑ በተዘጋ ቤት ተኝቷል። እርሷም አሁንም «ሻሎም» ብላ መለሰች።

አንዳንድ መምህራን ይህን በእምነት እንደሚነሣ አውቃ የተናገረችው ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። ነቢዩ ዘንድ ስትደርስ እግሩን ጨብጣ ያዘች። ግያዝ ሊገፈትራት ቀረበ። ኤልሳዕ ተዋት አለው፤ ነፍሷ መራራ ሆናለች፣ እግዚአብሔርም ሰውሮብኛል ብሎ። ያን ጊዜ ነው አፏ የተከፈተው። ልጅ ስጠኝ ብዬ ለምኜሃለሁ ወይ? አታታልለኝ አላልኩህም ወይ? እያለች መራራውን አወጣችው። ለባሏና ለግያዝ ሻሎም፤ ለነቢዩ ግን እውነቱ። መጽሐፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልወቀሳትም።

ለምን ይመስልሻል? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። እርሷ «ሻሎም» ያለችው መንገዷን ላለማስቆም ነው። ወደሚያድናት ሰው እየሄደች ነበር። ግያዝ መንገድ ላይ ቢይዛት ምን ይፈይድላታል? የነቢዩን በትር ይዞ ቀድሞ ሄዶም ሕፃኑ አልተነሣም።

ኤርምያስ 6 ላይ የተወቀሱት ሰዎች ሌላ ናቸው። እነርሱ የሕዝቤን ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፤ ሰላም ሳይኖር «ሰላም፣ ሰላም» ይላሉ ተባለ። ዕብራይስጡ «ሻሎም፣ ሻሎም» ነው። አጥንት ተሰብሮ እያለ ላዩን ቅባት ቀብቶ «ደህና ነህ፣ ሂድ» እንደሚል ሐኪም ናቸው። ቃሉ አንድ ነው። ሱነማይቱ ቃሉን ተጠቅማ ወደ መድኃኒቱ ደረሰች። እነዚያ ደግሞ ሰው መድኃኒት እንዳይፈልግ በቃሉ አስተኙት። ዳዊትም ኦርዮን ሻሎም ሲጠይቅ ከእነዚያ ጋር ነበር። እኔም በዚያ ጽዋ ማታ ትንሽ ተጠግቻቸው ነበር ማለት ነው።

አንድ ቦታ ልጨምር። ጌታ ከተነሣ በኋላ በሩ ተዘግቶ ሳለ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ቆሞ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚለው ተራ ሰላምታ ነው። ዮሐንስ ግን ያንን ብሎ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው ይላል። ቁስሉን አልሸፈነም። ሰላምታውን የሰጠው በሚስማር ምልክት እጅ ነው። ስለዚህ ሻሎም የሚል ሰው ቁስሉን መደበቅ አለበት ብለሽ አታስቢ።

እንግዲህ አንቺ ምን ታደርጊ? ጠዋት ልጆቹ «ሻሎም» ሲሉሽ «ሰላም» በያቸው፤ «ሻሎም» ብትያቸውም ኃጢአት የለበትም። የዕብራይስጥ ቃል ስለሆነ የተለየ በረከት የለውም፣ እኛ ከምንለው «ጤና ይስጥልኝ»ም አይበልጥም። እንዲያውም የእስራኤል ሰዎች «እንዴት ነሽ?» ለማለት «ማ ሽሎሜኽ?» ነው የሚሉት፤ «ሻሎምሽ ምንድን ነው?» እንደማለት። የእኛ «ደኅና ነሽ?» ያንኑ ይጠይቃል። ለታክሲ ረዳቱ፣ ለቢሮ ጓደኛሽ፣ ደረጃ ላይ ለምታገኛት ጎረቤትሽ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ እለፊ። ውሸት አይደለም። እነርሱ ግያዝ ናቸው፤ ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው።

የንስሐ አባትሽ ሲጠይቁሽ ግን «ደኅና» ብለሽ አትለፊያቸው። «ብዙ ችግር አለ» ብለሽም አታድበስብሺው፤ ለእኔ የጻፍሽልኝ እንደሱ ነው። የጎደለውን በስሙ ጥሪው። የገንዘብ ከሆነ ስንት እንደሆነ፣ የሕመም ከሆነ የማን እንደሆነ፣ የጠብ ከሆነ ማን ለማን ምን እንዳለበት ንገሪያቸው። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ደግሞ እርሳቸውን እስክታገኚ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለምታምኛት ዘመድ ንገሪ፣ ማታ የምታድሪበትም ቦታ ይታሰብበት። «ታገሺ፣ ሰላም ይሻላል» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ «መኪናው ተሠራ?» ብለሽ ጠይቂው። ግራ ይገባውና ምን መኪና ይልሻል። ያን ጊዜ የእኔን ታሪክ ንገሪው።